የጋሼ እጥበትና የማይነካው ደብተር

የባንክ ደብተሩ አልጋችን ስር ባለው ቡናማ ሻንጣ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከልጆቹ የልደት ወረቀትና ከጋብቻ ሰርተፍኬታችን ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ። ባለቤቴ «የማይነካው» ትለዋለች። በኮሮና ጊዜ የምሠራበት ድርጅት ለአራት ወር ግማሽ ደሞዝ ሲከፍለን የቤት ኪራይ ከጎረቤት ተበድረን ነበር የከፈልነው። ጎረቤታችን ደግ ሰው ነው፤ አንድም ቀን አልጠየቀንም። ግን ደጅ ላይ ባገኘሁት ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር። ብድሩን በጨረስን ማግስት ባለቤቴ ባንክ ሄዳ ደብተሩን አወጣች። በሁለታችን ስም። እሷ አስተማሪ ናት፣ እኔ የሂሳብ ሠራተኛ። በየወሩ 4 ሺህ ብር፣ አንዳንዴ ያነሰ፣ አንዳንዴ የበለጠ። ኅዳር 2017 ላይ 240 ሺህ ደርሶ ነበር።

የቤታችን የግድ ወጪ፣ ማለትም ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትምህርት ቤትና ትራንስፖርት፣ በወር 32 ሺህ ብር ገደማ ነው። ስለዚህ ያ ብር ሁለታችንም ሥራ ብናጣ ሰባት ወር ተኩል ያኖረናል። ማታ ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ይህችን ሂሳብ እየሠራሁ ነበር የምተኛው።

ከዚያ እማዬ ደወለች። «ጋሼ ኩላሊቱ ቆመ አሉ። አዲስ አበባ ይዘውት እየመጡ ነው።»

ጋሼ የእማዬ ታናሽ ወንድም ናቸው። ሸኖ አካባቢ ገበሬ ናቸው፤ ገብስና ስንዴ ያርሳሉ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሁለት በግ ሸጠው ጫማና ብርድ ልብስ የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። ያ ብርድ ልብስ አሁንም ቤት አለ፤ የእንግዳ ሆኗል። እንግዲህ ደብተሩን ሳስብ ሁለቱ በጎችም አብረው ይመጡብኛል።

በኋላ የገባኝ ነገር አለ። ጋሼም የማይነካ ደብተር ነበራቸው። የእሳቸው ደብተር ከቤቱ ጀርባ ያለው ባህር ዛፍ ነው። በእኛ አገር ገበሬ ባህር ዛፍ የሚተክለው ለክፉ ቀን ነው፤ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲቸግር ነጋዴ ይመጣል፣ በቁሙ ይገመታል፣ ብሩ በእጅ ይሰጣል። ጋሼ ለማንም ሳይናገሩ ዛፉን በ60 ሺህ ብር ሸጠው ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲመላለሱ፣ መድኃኒት ሲገዙ፣ ጠበል ሲሄዱ አልቋል። ደም ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው ዓመታት አልፈዋል። ክኒኑን ግን «ተሻለኝ» እያሉ ያቋርጡት ነበር። እኛ ጋ የተደወለው ዛፉ ሲያልቅ ነው።

የመጀመሪያውን ብር ያወጣሁት ሳላስብ ነው። ጋሼ ሲደርሱ ፊታቸው አብጦ፣ ያስመልሳቸዋል፣ ቀና ብለው ካልተቀመጡ መተንፈስ አይችሉም። የግል ሆስፒታል ገቡ። አንገታቸው ላይ ትቦ ገባ፤ ካቴተር ይሉታል፤ ደማቸው በኩላሊት ፋንታ ወደሚያጥበው ማሽን የሚሄደውና የሚመለሰው በእሱ ነው። ከእጥበቱ በፊት የሄፓታይተስና የኤችአይቪ ምርመራ ተደረገ፤ ማሽኑን ሌላውም ታማሚ ስለሚጠቀምበት ግዴታ ነው። የመጀመሪያዎቹ እጥበቶች አጫጭር ነበሩ፤ ሰውነት ድንገት እንዳይናወጥ ነው አሉን። አልጋው፣ ትቦው፣ ምርመራው፣ እጥበቱ ተደምሮ 38 ሺህ ብር ሆነ። ከፈልኩ። ባለቤቴም አልተናገረችም። ሰው ትንፋሽ አጥሮት ፊትህ ተቀምጦ ስለ ቁጠባ አይወራም።

ወሬው የመጣው በሳምንቱ፣ እማዬ ቤት፣ ቡና ላይ ነው። ትልቋ አክስቴ ስኒዋን አስቀምጣ «እኅት ወንድም ሞልቶ፣ ብር ባንክ ተኝቶ፣ እሱ እንዲህ ይሁን?» አለች። ስሜን አልጠራችም። ግን ባንክ የተኛ ብር ያለው ማን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ባለቤቴ ከሰሉ ላይ እጣን ጨመረች። እሷ ስትናደድ እጅዋን ሥራ ታስይዘዋለች።

በማግስቱ ሐኪሙን ለብቻው አገኘሁት። ወጣት ነው፣ የማይቸኩል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፤ «ስንት ጊዜ ይታጠባሉ?» እሱ ግን መጀመሪያ ሌላ ነገር አስረዳኝ። ኩላሊት በሁለት መንገድ ይቆማል አለ። አንዱ ድንገተኛ ነው፤ ሰው በተቅማጥ ፈሳሽ አልቆበት፣ ወይም በኢንፌክሽን፣ ወይም ባልሆነ መድኃኒት ይደርስበታል። እንዲህ ያለው ለጥቂት ሳምንታት ታጥቦ ኩላሊቱ ሊነሳለት ይችላል። ሌላው ለዓመታት ቀስ ብሎ የሞተ ኩላሊት ነው። እሱ አይነሳም። እጥበቱ እስከ ዕድሜ ልክ ነው፣ ወይም ንቅለ ተከላ እስኪገኝ።

«የጋሼ የቱ ነው?» አልኩት።

አልትራሳውንዱን አሳየኝ። የደህና ሰው ኩላሊት ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጋሼ ሁለቱም 8 አይሞሉም። ኩላሊት የሚኮማተረው ለረጅም ጊዜ ሲታመም ነው አለኝ። ትናንት የጀመረ ነገር አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ ብር ያለው ዘመድ ሁሉ እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት ይህንን ቢጠይቅ እላለሁ። ድንገተኛ ቢሆን ኖሮ ሙሉውን 240 ሺህ ለማውጣት አላመነታም ነበር። መጨረሻ አለዋ! የጋሼ ግን መጨረሻ አልነበረውም።

ያን ሌሊት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በልጄ ደብተር ጀርባ ሂሳብ ሠራሁ። በደንቡ እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው፣ እያንዳንዱ አራት ሰዓት። እዚህ ብዙ ሰው በአቅሙ ሁለቴ ነው የሚታጠበው፤ ጋሼም ሁለቴ። እኛ በገባንበት ቦታ አንዱ 3,200 ብር ነበር። በወር 27,700 ገደማ። ኩላሊት ሲሞት ደም እንዲመረት የሚያዝዘው ነገር አብሮ ስለሚቀንስ የደም ማነስ መርፌ አለ፤ በወር 4,400። ከሸኖ አዲስ አበባ ከአስታማሚ ጋር ደርሶ መልስ፣ የከተማውን ታክሲ ጨምሮ፣ በወር 6,900። ድምሩ 39 ሺህ ብር። ከእኛ ቤት የወር ወጪ ይበልጣል።

240 ሺህን ለ39 ሺህ አካፈልኩ። ስድስት ወር። ከስድስት ወር በኋላ ደብተሩ ባዶ ነው፣ ጋሼ ግን በሰባተኛው ወር የመጀመሪያ ማክሰኞም መታጠብ አለባቸው። እዚያ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እጥበት ላይ ያለ ሰው ኩላሊቱ ጨርሶ ካልሠራ፣ ሲያቆም የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ቀናት ወይም ጥቂት ሳምንታት ነው። ነርሷ ያየችውን ነግራኛለች። «ቤተሰብ ያለውን ሁሉ ሸጦ ይጀምራል» አለች። «ሦስት ወር፣ አራት ወር ይመጣሉ። ከዚያ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ታያለህ።»

ባለቤቴ ነቅታ መጣች። ሂሳቡን አየችው። ብዙ አላወራችም። «ይሄ ድንገተኛ ወጪ አይደለም» አለች። «ይሄ የቤት ኪራይ ነው። ኪራይ ከማይነካው አይከፈልም፣ ከደሞዝ ነው የሚከፈለው።»

መጀመሪያ ጭካኔ መሰለኝ። አልጋ ላይ ሆኜ ሳገላብጠው ግን እውነቷን ነው። ደብተሩ የተሠራው አንዴ መጥቶ ለሚሄድ ነገር ነው። በየሳምንቱ የሚመጣ ወጪ ደግሞ በየወሩ የሚገባ ገቢ ይፈልጋል። ከተቀመጠ ብር ላይ በየወሩ ብትጨልፍ ከእነ ጨላፊው ታልቃለህ። የእኔ ስህተት ጥያቄውን «ልስጥ ወይስ ላስቀምጥ» ማድረጌ ነበር።

ጠዋት ላይ መስመር አሰመርን። የአራት ወር የቤት ወጪ፣ 128 ሺህ ብር፣ አይነካም። የተረፈው 112 ሺህ ነው፤ 38ቱ ሄዷል። ሐኪሙ ለእጥበቱ ስለሚያስፈልግ የክንድ ቀዶ ጥገና ነግሮን ነበር፣ 34 ሺህ ብር፤ አንዴ የሚከፈል ስለሆነ ከዚሁ ይውጣ ተባባልን። የቀረው 40 ሺህ ደግሞ ለስምንት ወር በየወሩ 5 ሺህ። እስከ ሰኔ ማለት ነው። ከሰኔ በኋላ ከደሞዛችን የምንችለውን። ባለቤቴ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው።

ከወሩ 39 ሺህ የሚጎድለው 34 ሺህስ ከየት ይምጣ? ጋሼ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናቸው። መድኑ በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ነው፤ አሁን ብዙ ገጠር ደርሷል። መታወቂያውን በፕላስቲክ አስለብሰው፣ እንደ ታቦት ነው የያዙት። ለወሊድ፣ ለቁስል፣ ለተኝቶ መታከም ጠቅሟቸዋል። ለዘለቄታው እጥበት ግን አይሆንም ተባልን። ደግሞም እኛ የምንታጠበው የግል ቦታ ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ላይ ስማቸውን አስመዘገብን። ማሽኑ ላይ ቦታ የሚለቀቀው ሰው ሲሻለው አይደለም፤ ንቅለ ተከላ ሲደረግለት ወይም ሲሞት ነው። ወረፋ ስትጠብቅ ምን እንደምትጠብቅ አለማሰብ ይሻላል።

እድራቸውም ቢሆን የሚከፍለው ለሞት ነው፤ ለህመም አይደለም። ጋሼ ይህንን ሲያስታውሱ ሳቁ። «እኔ ብሞት እኮ ይሻላችኋል። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ንፍሮውም ከእድር ነው።» እማዬ በነጠላዋ ጫፍ መታቻቸው።

ስለዚህ ቤተሰቡን ቆጠርን። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ የእህታቸው ልጅ አለች። ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። ሁለት የጋሼ ወንድሞች አሉ፣ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ እዚሁ። የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። አንድ ነገር ላይ ድርቅ አልኩ፤ «የቻላችሁትን» የሚል ቃል እንዳይገባ። የቻላችሁትን ስትል የመጀመሪያው ወር ይጎርፋል፣ ሦስተኛው ላይ ይደርቃል። እያንዳንዱ ሰው ሳይጎዳ በየወሩ የሚጥለውን ቁጥር፣ ትንሽም ቢሆን፣ በስሙ ፊት ይጻፍ አልኩ። ከሪያድ 500 ሪያል፣ ያኔ 16 ሺህ ብር ገደማ። ከቨርጂኒያ 100 ዶላር፣ 12,500 ገደማ። ሁለቱ ወንድሞች ሦስት ሦስት ሺህ። እኛ 5 ሺህ። ጠብ ያለች ትርፍ 500 ብር ነበረች።

የሪያዷን ልጅ ሳስብ እፍረት ይይዘኛል። ከሁሉ ትልቁን የምትጥለው ከሁሉ ትንሽ የምታገኘው ናት። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ድሮ 15 ብር የነበረው ሪያል ከእጥፍ በላይ ሆነ። «ጋሼ፣ አሁንማ ብሬ ብዙ ሆነ» ብላ በድምፅ መልእክት ስትስቅ ሰምቻታለሁ። ግን የእጥበት ማጣሪያውም፣ ቱቦውም፣ መርፌውም በዶላር ነው የሚገባው። ምንዛሪው በአንድ እጁ የሰጣትን በሌላው ወሰደባት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

አንገት ላይ ያለው ትቦ ጊዜያዊ ነው። ከውጭ ወደ ደም ስር ቀጥታ የሚገባ በር ስለሆነ ጀርም ይከተለዋል። ዘላቂው መንገድ ክንድ ላይ የሚሠራ ፊስቱላ ነው፤ አንዱን የደም ቧንቧ ከሌላው ጋር ያገናኙትና ደሙ በኃይል ሲያልፍበት የላይኛው ደም ስር እየሰፋና እየጠነከረ ይሄዳል። መርፌው የሚወጋው እዚያ ነው። እስኪደርስ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ይፈጃል። (ለእማዬ «ጋሼ ፊስቱላ ሊሠራለት ነው» ስላት ደነገጠች። «እንዴ፣ ወንድ አይደለም እንዴ?» ለእሷ ፊስቱላ ማለት የወሊድ ጉዳት ነው፣ የሐምሊን ሆስፒታል። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሌላ። ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።)

ሐኪሙ «ቶሎ አሠሩት» ብሎን ነበር። ብሩም ማቀዝቀዣው ላይ ተጽፎለታል። ግን ግሩፑ ላይ ክርክር ተነሳ። የደብረ ብርሃኑ አጎቴ «34 ሺህ እኮ አስር እጥበት ነው። ለአስር እጥበት የሚሆን ብር ክንድ ላይ እንቀብራለን?» አለ። ሂሳቡ ልክ ነው። እኔም የሂሳብ ሰው ነኝና አሳመነኝ። እንጠብቅ አልኩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አራት ሳምንት።

በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ጋሼ ማሽኑ ላይ እያሉ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሁለት ብርድ ልብስ ደረብንላቸው። ጥርሳቸው ይጋጫል። እጥበት በተጀመረ በግማሽ ሰዓት እንዲህ ብርድ ብርድ ካላቸውና ትኩሳት ከተከተለ ትቦው ተመርዟል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ነርሷ ገና ስታያቸው ነው ሐኪም የጠራችው። ተኝተው ታከሙ። ትቦው ወጥቶ ሌላ ገባ። አንቲባዮቲክ በደም ስር፣ አልጋ፣ የደም ምርመራ። 27 ሺህ ብር።

መስመሩን ተሻገርኩ። ለባለቤቴ ሳልነግር ደብተሩን ከሻንጣው አውጥቼ ምሳ ሰዓት ላይ ባንክ ሄድኩ። ማታ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። የረሳሁት ነገር፣ የባንኩ መልእክት የሚገባው በእሷ ስልክ ነው።

ማታ እራት በላን። ልጆቹን አስተኛች። ከዚያ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። «መስመሩን ያሰመርነው ሁለት ሆነን ነው» አለች። «የሚሰረዘውም ሁለት ሆነን ነው።» ሌላ ቃል አልጨመረችም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። ኋላ ላይ እንደነገረችኝ ያስከፋት ብሩ አልነበረም፤ እሷን ከአክስቴ ወገን ፊት እንደቆመች ጠላት ማየቴ ነው። ጋሼ ሲመጡ ሾርባ ያለ ጨው ለብቻ የምትሠራው እሷ ናት። እኔ እንኳን ስንት ማንኪያ ጨው እንደተከለከሉ አላውቅም።

በማግስቱ አብረን ሄደን የፊስቱላውን 34 ሺህ ከፈልን። እጃቸው ላይ አንድ ወፍራም ስፌት፣ ሌላ ምንም የለም። ብሩ ክንድ ላይ ተቀበረ እንግዲህ።

ከዚያ በኋላ ሕጎች መጡ። በዚያ ክንድ ደም ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ከባድ ነገር አይሸከምም፣ ተጭነውት አይተኛም። ጠዋትና ማታ በጣት ይዳሰሳል፤ ንዝረት አለው። ንዝረቱ ከጠፋ ደም ረግቶ ተዘግቷል ማለት ነው፣ ወዲያው ወደ ሐኪም። ጋሼ ይህንን ከጸሎታቸው ጋር ይዘውታል። ጠዋት ያማትቡና ጣታቸውን ክንዳቸው ላይ ያሳርፋሉ።

የከበደን ጠያቂው ነው። ሰው ታማሚ ሊጠይቅ ሲመጣ ምን ይዞ ይመጣል? ሙዝና ብርቱካን። ሁለቱም ፖታሲየም የበዛባቸው ናቸው፤ ኩላሊት ካላስወጣው ደግሞ ፖታሲየም ልብ ያቆማል። ጁስም እንዲሁ፣ ያውም ላዩ ላይ ፈሳሽ ነው፣ ጋሼ በቀን አንድ ሊትር እንኳን አይፈቀድላቸውም። ሰው በፍቅር ይዞት የመጣውን በደጅ ላይ መመለስ አይቻል። እማዬ ዘዴ አገኘችለት፤ በፈገግታ ትቀበልና በጓሮ በር ለጎረቤት ልጆች ታከፋፍላለች። የሰፈሩ ልጆች ጋሼ እንዲድኑ የሚፈልጉ አይመስለኝም።

ንቅለ ተከላም ተነስቷል። እዚህ አገር በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 መጀመሪያ ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል፤ ኩላሊቱን የሚሰጠው ዘመድ ነው። የጋሼ ትልቁ ልጅ «እኔ እሰጣለሁ» ብሏል። ጋሼ አይሰሙም። «ልጄን ለሁለት ከፍዬ አልኖርም» ይላሉ። በዚህ ላይ እኔ የምለው የለኝም። ብር ያልሆነ ነገር ሲጠየቅ የብር ጭቅጭቅ እንዴት ቀላል እንደሆነ ብቻ አየሁ።

የካቲት ላይ የቨርጂኒያው የሥራ ሰዓቱ ተቀነሰና 50 ዶላር ላከ። ይቅርታ ጠይቆ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። ግሩፑ ላይ ማንም ምንም አልመለሰለትም፤ ስህተት ነበር፤ እኔ ራሴ ልደውልለት ይገባኝ ነበር። ጋሼ ግን ሰሙ። ማን እንደነገራቸው አናውቅም። የዚያን ሳምንት ዓርብ አልመጡም። «መኪና አጣሁ» አሉ። ቅዳሜ ሌሊት ልጃቸው ደወለ፤ ተጋድመው መተኛት አቅቷቸዋል፣ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ ብለው ያድራሉ፣ እግራቸው አብጧል። ውሃው ሳምባ ላይ ወጥቷል። ኮንትራት መኪና ተይዞ፣ ኦክስጅን ተደርጎ፣ እሁድ ጠዋት ታጠቡ። 3,200 ብር ሊያድኑልን ነበር። 11 ሺህ ወጣ፤ ልጃቸው ሦስት በግ ሸጠ።

በጎቹን ስሰማ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼን ግሩፑ ውስጥ አስገባናቸው። ማንበብ ያስቸግራቸዋል፤ ልጃቸው ያነብላቸዋል። ማን ስንት እንደጣለ፣ ስንት እንደጎደለ ያውቃሉ። የእሳቸው ነፍስ ሂሳብ እሳቸው በሌሉበት ሲሠራ መክረሙ ነበር ስህተቱ። የጎደለውን 6 ሺህ ሁለቱ ወንድሞች ተካፈሉት፣ እስከ ፋሲካ ብቻ ብለው። «ክንድ ላይ እንቀብራለን?» ያለው አጎቴ ከሁሉ ቀድሞ ላከ።

አሁን ሚያዝያ ገባ። ደብተሩ ላይ 116 ሺህ ብር አለ። ከመስመራችን በታች ነው። የመንግሥቱ ወረፋ አልደረሰንም፤ ስደውል «ስማቸው አለ» ይሉኛል። ፊስቱላው ግን ደርሷል። ባለፈው ሳምንት የአንገቱ ትቦ ወጣ። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአምስት ወር በኋላ ጋቢያቸውን አንገታቸው ድረስ ሳይፈሩ ለበሱት።

ማክሰኞ ከታጠቡ በኋላ መሽቶ ስለነበር እኛ ቤት አደሩ። ያንን ብርድ ልብስ አወጣሁላቸው። አወቁት። የአራት ዓመቷ ልጄ ሶፋው ላይ አጠገባቸው ወጣችና ጆሮዋን ክንዳቸው ላይ ለጠፈች። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን አፈጠጠች።

«እማዬ! አባባ እጁ ውስጥ ንብ አለ!»

ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየቻቸው፣ ተመልሳ ገባች። ሳህን ላግዛት ተከተልኳት። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ወረቀት እያየች ነበር።

«ስንት ወር ቀረን?» አለችኝ።

«ሦስት።»

እስክሪብቶ አነሳችና «ሰኔ» የሚለውን አክብባ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረገች። ከዚያ ጨው የሌለበትን ሾርባ ቀድታ ሰጠችኝ፣ ሳይቀዘቅዝ እንዳደርስላቸው።